የወንበር ጨርቅ አወጣጠር፦ ከጉልበት በፊት ቅደም ተከተል

የምግብ ጠረጴዛ ወንበር መጀመሪያ የሚያረጀው መቀመጫው ላይ ነው። እንጨቱ ምንም ሳይሆን ጨርቁ ይሳሳል፤ በተለይ ጭናችን በሚያርፍበት በፊተኛው ጠርዝ ላይ ይበላል፤ ስፖንጁም እየተኛ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ሶፋ ሠሪ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ጨርቅና የእንጨት ስቴፕለር ገዝቶ ራሱ ይሞክረዋል። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ጨርቁን ከላይ ዘርግቶ፣ ጠርዙን ወደ ታች አጥፎ፣ ስቦ መምታት ነው።

በእርግጥም ከባድ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ጨርቅና በአንድ ዓይነት ስቴፕለር ሠርተው፣ የአንዱ መቀመጫ ልሙጥ ሆኖ ሲወጣ የሌላው ጠርዝ ተጨማዶ፣ ማዕዘኑ አብጦ፣ መሐሉ ረግቦ ይገኛል። ልዩነቱን ብዙዎች ከጉልበት ጋር ያያይዙታል፤ ጠንክሮ ያልሳበ ሰው ነው የረገበበት ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ባለ በሌለ ኃይሉ የሚስብ ሰው ብዙ ጊዜ የባሰውን ውጤት ያገኛል። ጨርቅ የሚወጠረው መጀመሪያ የት እንደተመታ፣ ከዚያስ ወዴት እንደተሄደ ታውቆ ነው።

ነገሩን በአንድ ወንበር ላይ እንየው። ከሥር በአራት ብሎን የታሰረና ተፈትቶ ለብቻው የሚወጣ መቀመጫ ያለው ተራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር እንውሰድ። የመቀመጫው ሰሌዳ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ነው። ከፊት 45 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ 38 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ከፊት ወደ ኋላ ደግሞ 42 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በላዩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ አለ።

ብሎኖቹ ተፈትተው መቀመጫው ከወጣ በኋላ ከማናቸውም ነገር በፊት በሰሌዳው ሆድ ላይ በእርሳስ የፊቱን አቅጣጫ መጻፍ ያስፈልጋል። ስድስት ወንበር የሚሠራ ሰው ደግሞ መቀመጫውንና የወንበሩን እግር በተመሳሳይ ቁጥር ምልክት ያድርግባቸው። የብሎን ቀዳዳዎች ከወንበር ወንበር በትንሹ ስለሚለያዩ የአንዱ መቀመጫ ለሌላው ልክ ላይመጣ ይችላል። ቀጥሎ አሮጌዎቹ የስቴፕለር ሽቦዎች ይነቀላሉ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከሽቦው ሥር አስገብቶ አንዱን እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ በፒንሳ ይዞ መንቀል ነው። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም አይዘለልም። በአሮጌው ጨርቅ ላይ አዲሱን መደረብ የሚያስከትለውን ችግር ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የወጣውን አሮጌ ጨርቅም ወዲያው አይጣሉት፤ ተዘርግቶ ሲታይ መጠኑንም፣ ማዕዘኑ እንዴት እንደታጠፈም ያሳያል።

ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫን አድርገው ይፈትኑት። ተጭኖ ካልተመለሰ ወይም ቢጫ ዱቄት እየሆነ ከረገፈ አገልግሎቱን ጨርሷል፤ በሞተ ስፖንጅ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ደግሞ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመታ ይረግባል። አዲሱ ስፖንጅ ጠንከር ያለ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ከሰሌዳው በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይቆረጥና በጥቂት ማስቲሽ ይያዛል። የተረፈው ስፖንጅ ጨርቁ ሲሳብ ተጨምቆ የእንጨቱን ሹል ጠርዝ ይሸፍናል። ያለዚያ ጨርቁ በቀጥታ በእንጨቱ ስለት ላይ ይወጠርና እዚያው ላይ ቀድሞ ይቀደዳል። በስፖንጁና በጨርቁ መካከል ስስ የፖሊስተር ፋይበር ማልበስም ጥሩ ነው። ፋይበሩ የስፖንጁን ጠርዝ ያለሰልሳል፤ ጨርቁም በስፖንጁ ላይ ሳይያዝ እንዲንሸራተት ይረዳል።

ጨርቁን ለመቁረጥ ስሌቱ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ጎን የስፖንጁና የሰሌዳው ውፍረት ተደምሮ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ወደ ሥር ለሚታጠፈውና በእጅ ለሚያዘው 5 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። በየጎኑ 11 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ በስፋት 45 ላይ 22 ሲደመር 67፣ በርዝመት ደግሞ 42 ላይ 22 ሲደመር 64 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የሶፋ ጨርቅ በአብዛኛው ወርዱ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ስለሆነ ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን ያወጣል፤ ስድስት ወንበር በ2 ሜትር ጨርቅ ይለብሳል። ይህ ግን ለልሙጥ ጨርቅ ነው። ትልልቅ አበባ ወይም ቅርጽ ያለው ጨርቅ ቅርጹ በየወንበሩ መሐል እንዲውል ከተፈለገ ብዙ ቁራጭ ይባክናልና ተጨማሪ መግዛት ያስፈልጋል። ቁጠባ ተብሎ ለእጅ መያዣ የተተወውን ትርፍ ማሳነስም ትልቅ ስህተት ነው፤ በጣት ጫፍ ብቻ የሚያዝ ጨርቅ እኩል አይሳብም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ጨርቅ ድርና ማግ አለው። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ ብዙም አይለጠጥም፤ በአግድም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲሳብ ግን ይለጠጣል፣ ቅርጹም ይዛባል። የመቀመጫ ጨርቅ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንደኛው የክር አቅጣጫ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ፣ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ መዋል አለበት። ይህን በዓይን ግምት ብቻ ማድረግ አይቻልም። በሰሌዳው ሆድ ላይ የአራቱ ጎኖች መካከል በጠመኔ ይመልከት። ጨርቁም ለሁለት ታጥፎ በእጥፋቱ ጫፍና ጫፍ ትንሽ በመቀስ ነካ ይደረግ፤ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ ታጥፎ እንዲሁ ይደረግ። የጨርቁ አራት ምልክቶች ከሰሌዳው አራት ምልክቶች ጋር ሲገጥሙ ክሩ ቀጥ ብሎ ውሏል ማለት ነው። ከፈይ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በእጅ ሲዳሰስ ጸጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫ ወደ ፊት እንዲሆን ተደርጎ፣ በስድስቱም ወንበሮች ላይ አንድ ዓይነት መዋል አለበት። አንዱ ከተገለበጠ ጨርቁ ከአንድ ጥቅል ተቆርጦ እንኳ ቀለሙ የተለያየ ይመስላል።

ጨርቁ በጠረጴዛ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ይዘረጋል፤ ፋይበሩና ስፖንጁ፣ ከነሰሌዳው፣ በላዩ ይደፋል። የመጀመሪያው ሽቦ በፊተኛው ጎን መካከል ይመታል። ሁለተኛው ከእሱ ትይዩ በኋለኛው ጎን መካከል ነው። በአንድ መዳፍ ሰሌዳውን ወደ ታች ተጭነው ስፖንጁን ያምቁት፤ በሌላው እጅ ጨርቁን ወደ ውጭ ከዚያም ወደ ሥር ስበው ይምቱ። ሰሌዳው ሲለቀቅ ስፖንጁ ተመልሶ ይነሣና ጨርቁን ራሱ ይወጥረዋል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የውጥረቱ ትልቁ ክፍል የሚገኘው ታምቆ ከተለቀቀው ስፖንጅ ነው፤ እጅ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሽቦ በግራና በቀኝ ጎኖች መካከል ይመታሉ። አራቱ እንዳለቁ መቀመጫውን ገልብጠው ያዩታል። ክሩ ወይም መስመሩ ቀጥ ብሎ ከታየ ይቀጥላሉ፤ ከተጣመመ አራት ሽቦ መንቀል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰባ ሽቦ ከተመታ በኋላ ግን ቀኑን ይፈጃል።

ከመካከል ወደ ማዕዘን የሚደረገው ጉዞ ተራ በተራ ነው። ከፊተኛው መካከለኛ ሽቦ በስተግራ ሁለት፣ በስተቀኝ ሁለት ከተመታ በኋላ ወደ ኋለኛው ጎን ተሂዶ እንዲሁ ይደረጋል፤ ከዚያ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ። አንዱን ጎን ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ ወደ ሌላው የሚያልፍ ሰው ጨርቁን በሙሉ ወደዚያ ጎን ጎትቶ ስለሚያስረው የመጨረሻው ጎን ላይ ሲደርስ የሚያሸንፈው መጨማደድ ይጠብቀዋል። በየሽቦው መካከል ከ2 እስከ 2 ተኩል ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። የኛ መቀመጫ ዙሪያው 1 ሜትር ከ67 ስለሆነ ከማዕዘኖቹ ጋር 70 ሽቦ ገደማ ይወስዳል። ከየማዕዘኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ሲቀር ማቆም ይገባል፤ ማዕዘኑ የራሱ ሥርዓት አለው።

ጎኖቹ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። መቀመጫው ከኋላ ስለሚጠብ የግራና የቀኝ ጠርዞች ከፊት ወደ ኋላ ከሚሄደው ክር ጋር ትይዩ አይደሉም፤ ሰያፍ ናቸው። እዚህ ላይ ጨርቁን ከጠርዙ አንጻር ቀጥ አድርገው ከሳቡት ክሩን ያጣምሙታል። የሚሳበው ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ማለትም ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥታ ነው። ባለ መስመር ጨርቅ ላይ ይህን ያላወቀ ሰው ሥራ ወዲያው ይታወቃል፤ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለው መስመር ወደ ጎኖቹ ሲጠጋ ቀስ እያለ ይጎብጣል።

ስለ ስቴፕለሩም ጥቂት ልበል። ለ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሜትር እግር ሽቦ ይበቃል። ከዚያ የረዘመ ሽቦ በሌላኛው ወገን ወጥቶ ስፖንጁን ሊወጋ ይችላል። የሽቦው ጀርባ ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ ይመታ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ክሮችን አንድ ላይ ስለሚይዝ ጭነቱ ይከፋፈላል፤ በሚሳብበት አቅጣጫ ተጋድሞ ከተመታ ግን ጥቂት ክሮች ብቻ ጭነቱን ተሸክመው ጨርቁ ከሽቦው ሥር ይሰነጠቃል። በኮምፕሬሰር የሚሠራ ስቴፕለር የሚጠቀም ሰው የአየሩን ግፊት በቁራጭ እንጨትና ጨርቅ ላይ አስቀድሞ ይሞክረው። ግፊቱ ሲበዛ ሽቦው ጨርቁን ቆርጦ ይገባል፤ ሲያንስ ጀርባው ከፍ ብሎ ይቀራል። በእጅ በሚሠራው ላይ ከፍ ብሎ የቀረውን በመዶሻ መታ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል።

በየመካከሉ መቀመጫውን ገልብጦ ማየት የሥራው አካል ነው። መዳፍን ከመሐል ወደ ጠርዝ ጫን አድርጎ ማንሸራተት ጥሩ ፈተና ነው። ከእጅ ፊት የጨርቅ ሞገድ እየተገፋ ከሄደ ረግቧል። ጠርዙ ላይ በየሽቦው ትክክል ትንንሽ ጉድጓድ፣ በመካከላቸው ደግሞ ትንንሽ እብጠት ከታየ እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ከልክ በላይ ተስቧል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሌላ ሽቦ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ እነዚያን ሽቦዎች ነቅሎ፣ በጣት ፋንታ በመዳፍ ወርድ ያህል ጨርቅ በአንድ ጊዜ ይዞ፣ ቀለል አድርጎ እንደገና መምታት ነው። ከማዕዘን ወደ መሐል የሚሄድ ሰያፍ መጨማደድ ደግሞ ጨርቁ በአንዱ ጎን ከተገቢው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ተስቦ መመታቱን ይናገራል፤ የመጨማደዱን መስመር ተከትለው ወደ ጠርዙ ሲደርሱ ጥፋተኛውን ሽቦ እዚያው ያገኙታል። ስለዚህ ነው ልምድ ያለው ሠራተኛ መጀመሪያ ላይ የሚመታቸውን ሽቦዎች ሙሉ በሙሉ የማያስገባቸው፤ አሰላለፉ እስኪረጋገጥ ድረስ በቀላሉ እንዲነቀሉ ይተዋቸዋል።

ብዙዎች የመቀመጫ ጨርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ሲወጠር ጥሩ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሰው ሲቀመጥ ስፖንጁ ሊወርድ፣ ሲነሣም ሊመለስ ይገባል። ጨርቁ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ስፖንጁ ሁልጊዜ ታምቆ ስለሚኖር ቶሎ ይሞታል፣ መቀመጫው ይደርቃል፣ ሽቦዎቹም በየቀኑ እየተጎተቱ ይላላሉ። ልኩ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ጣት ሲያሳርፉ ጨርቁና ስፖንጁ አብረው የሚወርዱበት ነው።

ማዕዘኖቹ የመጨረሻ ናቸው። የሰሌዳው ማዕዘን ክብ ከሆነ የጨርቁ ጫፍ ወደ ሰሌዳው መሐል በሰያፍ ተስቦ በአንድ ሽቦ ይያዛል። በግራና በቀኙ የተረፈው ጨርቅ ወደ ብዙ ትንንሽ እጥፋቶች ተከፋፍሎ አንድ በአንድ ይመታል። እጥፋቶቹ ሁሉ ሥር ቀርተው ከላይ አንዳቸውም እንዳይታዩ ነው ጥረቱ። ማዕዘኑ ሹል ከሆነ ግን አንድ ንጹሕ እጥፋት ይሻላል። የጎኑ ጨርቅ መጀመሪያ ዞሮ ይመታል፤ የፊተኛው ጨርቅ በላዩ ይታጠፍና የእጥፋቱ መስመር በትክክል በማዕዘኑ ላይ ቁልቁል እንዲወርድ ይደረጋል። የእጥፋቱ አፍ ወደ ጎን ካየ ከፊት ለፊት ለቆመ ሰው አይታይም። ጨርቁ ወፍራም ከሆነ በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀውን ትርፍ በመቀስ መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማዕዘኑ ያብጣል። ሲቆርጡ ግን ከሰሌዳው ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ መቀሱ ካለፈ የሚጠገን ነገር አይደለም።

በአሮጌ ጨርቅ ላይ ስለመደረብ እመለስበታለሁ ያልኩት አሁን ነው። አንዳንድ መቀመጫ በወንበሩ እንጨት ላይ ተቀምጦ ይታሰራል፤ አንዳንዱ ግን በአራት ጎን በእንጨት ፍሬም ተከቦ ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ በሰሌዳውና በፍሬሙ መካከል በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ነው ያለው፤ የተተወውም ለጨርቁ ውፍረት ነው። ወፍራም ጨርቅ ወይም ሁለት ድርብ ሲለብስ መቀመጫው አይገባም። ይህን አይቶ በመዶሻ ወይም በእግር ረግጦ የሚያስገባ ሰው የወንበሩን መጋጠሚያ ያስለቅቀዋል፤ ከወራት በኋላ ወንበሩ መነቃነቅ ሲጀምር ምክንያቱ ይህ መሆኑ አይታሰበውም። ስለዚህ ከመወጠር በፊት የአዲሱን ጨርቅ ቁራጭ በሰሌዳው በሁለቱ ጠርዞች ላይ አጥፎ ባዶውን ሰሌዳ ፍሬሙ ውስጥ መሞከር ይገባል። ጠበቅ ካለ የሰሌዳው ጠርዝ በትንሹ ይላጋል።

ሰው ሠራሽ ቆዳ ለሚመርጡ ሰዎች ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቆይቶ ሲሞቅ ግን ይለዝባል፣ ማዕዘን ላይም በቀላሉ ይታጠፋል። ሁለተኛ፣ አየር አያሳልፍም። ሰው ሲቀመጥ በስፖንጁ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ስለሚያጣ መቀመጫው እንደተነፋ ይሆናል፣ ስፌት ካለውም ስፌቱን ይገፋል። በሰሌዳው ላይ አስቀድሞ ጥቂት ቀዳዳዎች በመሰርሰሪያ መብሳት ይህን ያስቀራል።

ትርፉ ጨርቅ ከሽቦዎቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይቆረጣል። የብሎን ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ተሸፍነው እንደሆነ በወስፌ ተፈልገው ጨርቁ ዙሪያቸውን ይቆረጥ፤ ብሎን በጨርቅ ውስጥ ሲዞር ክሩን ጠምጥሞ ይጎትታልና የተወጠረውን ሁሉ ያበላሻል። ሆዱ ላይ ስስ ጥቁር ጨርቅ ከተለበጠ አቧራም አይገባም፣ ሥራውም ያለቀለት ይመስላል።

ራስዎ ባይሠሩትና ለባለሙያ ቢሰጡ እንኳ ወንበርዎን ሲረከቡ ገልብጠው ይዩት። ጥቁሩ ጨርቅ ከመለበጡ በፊት ሄደው ማየት ቢችሉ ደግሞ የተሻለ ነው። አሮጌው ጨርቅ መነሣቱን፣ ሽቦዎቹ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆነው በእኩል ርቀት መመታታቸውን፣ በማዕዘኖቹ ላይ ጨርቁ አለመከመሩን ይመልከቱ። ከዚያ ቀና አድርገው መዳፍዎን ከመሐል ወደ ጠርዝ ያንሸራትቱ፤ ጨርቁ ከእጅዎ ፊት ከተሞገደ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት እንዲስተካከልልዎ ይጠይቁ።